የለቡ ኬክ ቤት ቪዲዮ ሪያድ ደርሶ ለቡ ያልደረሰበት ምክንያት፦ የሰፈር ደንበኛን ስለሚያመጡ ሃሽታጎችና የመፈለጊያ ቃላት

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ያለች አንዲት አነስተኛ ኬክ ቤት እናስብ። ባለቤቷ ማለዳ የጨረሰችውን የሁለት ኪሎ ቸኮሌት ቶርታ በስልኳ ትቀርጻለች፤ ክሬሙ ሲደረደር፣ የልጁ ስም ሲጻፍበት፣ ሻማው ሲተከል ይታያል። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ትለጥፍና ከሥሩ «ምርጥ ኬክ፣ ይዘዙን» ብላ #fyp፣ #foryou፣ #viral፣ #ethiopian_tik_tok እና #habeshatiktok የሚሉትን ሃሽታጎች ታክልበታለች። በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አምስት ሺህ ጊዜ ይታያል። የሚሰጡት አስተያየቶችም ደስ የሚሉ ናቸው፦ «እጅሽ ይባረክ»፣ «ሪያድ ሆኜ አማረኝ»፣ «ቤይሩት ላለነው አትልኩም?»፣ «የት ነው ቦታችሁ?»። በዚያ ሳምንት ግን ቪዲዮውን አይቶ ኬክ ያዘዘ አንድም ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ከሱቋ የአምስት ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ የምትኖር እናት ለልጇ ልደት ኬክ ፈልጋ ቲክቶክ ላይ «የልደት ኬክ ለቡ» ብላ ትጽፋለች። የሚመጡላት ቪዲዮዎች የቦሌና የሲኤምሲ ኬክ ቤቶች ናቸው፤ የጎረቤቷ ቪዲዮ ግን አይመጣም። ምክንያቱ የሚገርም አይደለም፤ ቪዲዮው ውስጥም ሆነ ከሥሩ ባለው ጽሑፍ «ልደት» የሚል ቃል የለም፣ «ለቡ» የሚልም የለም። እናቲቱ የጻፈቻቸው ሦስት ቃላት ናቸው፤ ከሦስቱ ቪዲዮው ላይ የሚገኘው «ኬክ» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱንም የአገሩ ኬክ ቤት ሁሉ ጽፎታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንን ክፍተት ነው፦ በአሥራ አምስት ሺህ ዕይታና በአምስት ደቂቃ መንገድ መካከል ያለውን ርቀት በቃላት መረጣ እንዴት ማጥበብ እንደሚቻል።

መነሻው ቲክቶክ አንድን ቪዲዮ ለማን እንደሚያሳይ የሚወስንበት መንገድ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ባወጣው ማብራሪያ መሠረት ውሳኔው በሦስት ዓይነት መረጃ ላይ ይመሠረታል፤ ተመልካቹ ከዚህ ቀደም ምን እንዳየ፣ ምን እንደወደደና ምን እንዳለፈ፣ ቪዲዮው ራሱ የያዘው ጽሑፍ፣ ድምፅና ሃሽታግ፣ እንዲሁም የስልኩ ቋንቋና የአገር ምርጫ ናቸው። በዚያው ማብራሪያ ላይ ለሰፈር ነጋዴ ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ተመልካቹ ረዘም ያለ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየቱ ከፍ ያለ ክብደት የሚሰጠው ምልክት ሲሆን፣ ተመልካቹና ቪዲዮውን የሠራው ሰው አንድ አገር ውስጥ መሆናቸው ግን እንደ ደካማ ምልክት ይቆጠራል። አገር ደካማ ምልክት ከሆነ፣ ሰፈር ምን ያህል ሊመዝን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የቪዲዮው ባለቤት ራሷ ለቡ መሆኗን በግልጽ ካልነገረችው በቀር አሠራሩ ለቡን ከሪያድ የሚለይበት ጠንካራ ምክንያት የለውም። እንዲያውም ቤት ናፍቆት ያለው፣ የአማርኛ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው የሚያይና አስተያየት የሚጽፍ ተመልካች ውጭ አገርም ብዙ ስላለ፣ ያልተሰየመ ቪዲዮ ወደዚያ ቢያዘነብል የሚጠበቅ ነው።

#fyp እና #foryou የሚሉት ምልክቶች በዚህ ረገድ ምንም አይናገሩም። ስለ ቪዲዮው ይዘት አንዳች መረጃ የላቸውም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በማናቸውም ዓይነት ቪዲዮ ላይ ስለሚለጥፋቸው ለማሽኑም ለሰውም መለያ መሆን አይችሉም። #ethiopian_tik_tok እና መሰሎቹ ደግሞ ቪዲዮው የኢትዮጵያ መሆኑን ይናገራሉ፤ ይህ ግን ሪያድ ያለውንም አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውንም አበሻ እኩል የሚጠራ ቃል ነው። ቀድሞ ሃሽታግ እንደልብ ይደረደር ስለነበር እነዚህን መጨመር የሚያስከፍለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ቲክቶክ በአንድ ቪዲዮ የሚፈቀደውን ብዛት ወደ አምስት አወረደው፤ ቀድሞ እስከ 30 ይፈቅድ የነበረው ኢንስታግራምም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለው። አምስት ቦታ ብቻ ያለው ሰው ሁለቱን ለ#fyp እና ለ#viral ሲሰጥ ሰፈሩንና ሥራውን የሚናገርበትን ቦታ በገዛ እጁ ይዘጋል።

ደንበኛው ቪዲዮ የሚያገኝባቸው በሮች ሁለት መሆናቸውንም መለየት ይገባል። አንደኛው ጣቱን ወደ ላይ እየሳበ ሲያልፍ ሳይጠራው የሚመጣለት ቪዲዮ ነው። ሁለተኛው ራሱ ጽፎ የሚፈልገው ነው። በመጀመሪያው በር የሚገባው ሰው ለመዝናናት የተቀመጠ ስለሆነ ኬኩን ቢያደንቅም የዚያን ዕለት ኬክ አያስፈልገው ይሆናል። በሁለተኛው በር የሚገባው ግን ልደት የደረሰበት፣ ገንዘቡን ያዘጋጀ፣ የቀረው ነገር የት እንደሚገዛ መወሰን ብቻ የሆነ ሰው ነው። ለሰፈር ሱቅ ሁለተኛው በር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ በር በወር ሠላሳ ሰው ቢገባ፣ በመጀመሪያው ከገባው አሥራ አምስት ሺህ ሰው ይልቅ ለኬክ ቤቷ ይጠቅማታል። በተጨማሪም ሳይጠራ የሚመጣ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይረሳል፤ በፍለጋ የሚገኝ ቪዲዮ ግን ሰው ያንን ቃል እስከጻፈ ድረስ ለወራት ደንበኛ ሊያመጣ ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄው ደንበኛው የሚጽፈው ቃል ምንድን ነው የሚል ይሆናል። መልሱ ባለሱቁ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ሱቁ ባንኮኒ ላይ ይገኛል። ኬክ ቤቷ ስልክ ሲደወልላት የምትሰማውን ንግግር ልብ ብሎ ማድመጥ በቂ ነው፦ «ሄሎ፣ ኬክ ቤት ነው? ለነገ የልደት ኬክ ፈልጌ ነበር። ሁለት ኪሎው ስንት ነው? የጾም አላችሁ? መብራት ኃይል የቱ ጋ ናችሁ? ጀሞ ታደርሳላችሁ?» በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ደንበኛዋ ስድስት የመፈለጊያ ቃላት በነጻ ሰጥታለች፤ የልደት ኬክ፣ ሁለት ኪሎ፣ ዋጋ፣ የጾም፣ መብራት ኃይል፣ ጀሞ። «ጣፋጭ»፣ «ልዩ»፣ «በጥራትና በፍቅር የተሠራ» የሚሉት ግን በንግግሯ ውስጥ የሉም። እነዚህ ባለሱቁ ስለራሱ የሚናገራቸው ቃላት እንጂ ደንበኛ የሚፈልግባቸው አይደሉም። ለሁለት ሳምንት በስልክ፣ በቴሌግራምና በአካል የሚጠየቀውን ጥያቄ ሳያሳምሩ፣ ሰው እንደተናገረው፣ በደብተር መመዝገብ ለዚህ ሥራ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል።

ከደብተሩ የተገኙትን ቃላት ቲክቶክ መፈለጊያ ሳጥን ላይ ጽፎ መሞከር ይከተላል። «የልደት ኬ» ብሎ ቆም ሲሉ ከሥር የሚዘረዘሩት ጥቆማዎች ሰዎች የሚፈልጓቸውን አባባሎች ያሳያሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል፤ ጥቆማዎቹ በስልኩ ባለቤት ልማድ ስለሚቃኙ ቀኑን ሙሉ የኬክ ቪዲዮ የምታይ ባለሱቅ በራሷ ስልክ የምታየው ጥቆማ የደንበኛዋን አይመስልም። ስለዚህ ኬክ በማይከታተል ሰው፣ ለምሳሌ በወንድም ወይም በጎረቤት ስልክ መሞከር የተሻለ ነው። በዚያው ሳጥን ላይ Creator Search Insights ብሎ ሲጻፍ የሚከፈተው የቲክቶክ መሣሪያም ሰዎች ምን እንደሚፈልጉና የትኛው ፍለጋ በቂ ቪዲዮ እንደሌለው ያሳያል፤ ሆኖም ትልልቅ ርዕሶችን እንጂ የአንድ ሰፈርን ኬክ ፍለጋ ይነግራል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አማርኛ ለሚጽፍ ነጋዴ ከሁሉ የከበደውና ብዙም የማይነገርለት ጉዳይ የፊደል ነው። «መብራት ኃይል» የሚለውን ስም እንውሰድ። አንዱ «ኃይል»፣ ሌላው «ሃይል»፣ ሦስተኛው «ሀይል» ብሎ ይጽፈዋል፤ ስናነበው አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ኃ በዩኒኮድ U+1283፣ ሃ U+1203፣ ሀ ደግሞ U+1200 ነው። ሃሽታግ ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት የሃሽታግ ልዩነት ነው፤ #መብራትኃይል እና #መብራትሃይል ሁለት የተለያዩ ገጾች ናቸው፣ አንዱን የነካ ሰው ሌላኛው ውስጥ ያለውን ቪዲዮ አያይም። ፍለጋ ከሃሽታግ ይልቅ ላላ ያለ ቢሆንም የአማርኛን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ሁሉ እንደ አንድ ይቆጥራል ብሎ መተማመን አይቻልም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ አንዱን ቃል በሁለት አጻጻፍ ፈልጎ የሚመጡትን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ማየት ነው። ዝርዝሩ ከተለያየ ልዩነቱ ደንበኛ እያሳጣ ነው ማለት ነው።

ይህ ሲባል ሁሉንም አጻጻፍ መደርደር ይገባል ማለት አይደለም። «ኃይል ሃይል ሀይል» ብሎ የተደረደረ ጽሑፍ ለሰው ዓይን የተዝረከረከ ነው፤ ያነበበውም ሰው ሱቁን አያምነውም። የተሻለው ዘዴ ቦታዎችን መከፋፈል ነው። ቪዲዮው ላይ በትልቁ የሚታየው ጽሑፍ ትክክለኛውን አጻጻፍ ይያዝ፤ ሃሽታጉ ደግሞ ሰው በብዛት የሚነካውን ይያዝ። ስልክ ላይ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ለጣቱ የቀረበውን ፊደል ስለሚመርጥ «ጾም» የሚለውን «ፆም»፣ «ዐቢይ» የሚለውን «አብይ» ብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። የቋንቋው ጉዳይ የሚቆረቁረው ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ይህ ቅር ሊያሰኘው ይችላል፤ ይሁን እንጂ መፈለጊያ ሳጥን ላይ የሚጻፈውን የሚወስነው ፈላጊው ስለሆነ ቢያንስ አንዱ ቦታ ለእርሱ አጻጻፍ መተው አለበት።

ሁለተኛው የአማርኛ ጠባይ ደግሞ ቃላትን የሚያጣብቅ መሆኑ ነው። «በለቡ»፣ «ከለቡ»፣ «የለቡ» ስንል «በ»፣ «ከ» እና «የ» ከስሙ ጋር ይጣበቃሉ። ፈላጊዋ ግን «ለቡ» ብላ ነው የምትጽፈው። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ የሰፈሩ ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ምንም ሳይጣበቅበት ብቻውን መቆም አለበት፤ «ኬክ» የሚለውም «ኬኮቻችን» ከሚለው ተለይቶ እንዲሁ። ሃሽታግ ላይ ደግሞ ነጥብና እዝባር ቃሉን ይቆርጡታል። #አ.አ ብሎ የጻፈ ሰው የሚያገኘው #አ የሚል ባዶ ምልክት ነው፤ #መ/ኃይል ብሎ የጻፈም ከ«መ» በኋላ ያለውን ሁሉ ያጣል። ሁለት ቃላትን ለማያያዝ የሚያገለግለው የግርጌ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን #የልደት_ኬክ እና #የልደትኬክ የተለያዩ መሆናቸውን አያስቀርም፤ የትኛው የበለጠ እንደተለመደ ሳጥኑ ላይ አይቶ መምረጥ ያስፈልጋል።

በላቲን ፊደል የሚጽፉ ደንበኞችም ጥቂት አይደሉም። «yelidet cake»፣ «birthday cake lebu»፣ «cake jemo» ብለው የሚፈልጉት በአብዛኛው የአማርኛ ፊደል ስልካቸው ላይ መቀየር የሚታክታቸው ወጣቶች ናቸው። ለእነሱ አንድ አጭር የላቲን ዓረፍተ ነገር ከአማርኛው በታች ማስቀመጥ ይበቃል። ሃሽታጉን ግን በጥንቃቄ መምረጥ ይገባል። #lebu ብሎ ለሚጽፍ ሰው የሚጠብቀው የአዲስ አበባው ለቡ ብቻ አይደለም፤ ቺሊ ውስጥ ሌቡ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች፣ በላቲን የምትጻፈውም በእነዚሁ አራት ፊደላት ነው። #ለቡ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን ከአንድ ቦታ በቀር ሌላ አያመለክትም። በዚህ ረገድ የራሳችን ፊደል ለሰፈር ነጋዴ ጥቅም አለው፤ በላቲን ዓለም ከሚያጨናንቀው ሃሽታግ ይልቅ በግዕዝ ትንሽ ሆኖ ጥርት ያለ ገጽ ያስገኛል። «Lebu» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከ«Addis Ababa» ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ከቺሊዋ ከተማ ለመለየት ይረዳል።

የቦታ ስም ሲመረጥ ሰው አፉ ላይ ያለውን መከተል ይገባል። ለቡ በአስተዳደር ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ይሁንና ልደት የደረሰባት እናት «የልደት ኬክ ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ብላ አትፈልግም። አዲስ አበባ የሚጠራው በወረዳ ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው፤ መብራት ኃይል፣ ሙዚቃ ቤት፣ ቫርኔሮ፣ ጀሞ፣ ጀርመን አደባባይ። ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ ይጻፉ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ሞተረኛው ነው፤ ኬኩ ሳይናድ፣ የማድረሻው ዋጋ ደንበኛውን ሳያስመርር የሚደርስባቸው ሰፈሮች የሱቁ ሰፈሮች ናቸው። ቦሌ ብዙ ሰው ይፈልጋል ተብሎ ቦሌ የማታደርስ ሱቅ #ቦሌ ብትል፣ የቦሌ ሰው ቪዲዮውን ከፍቶ ለቡ የሚል ሲያይ ወዲያው ያልፈዋል። ከላይ እንደተባለው ደግሞ ቪዲዮን እስከ መጨረሻ አለማየት ለአሠራሩ ክፉ ምልክት ነው፤ ያላግባብ የተጠራ ተመልካች አለመግዛቱ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮው ለሌሎች እንዳይታይም ያደርጋል።

ይህንን ሁሉ ይዘን ወደ ኬክ ቤቷ ቪዲዮ እንመለስ። ቪዲዮው ያው ነው፣ ኬኩም ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን እንዲህ ተቀይሯል፦

```
የልደት ኬክ፣ ለቡ መብራት ሃይል።
2 ኪሎ ቸኮሌት ቶርታ፤ ከአንድ ቀን በፊት ይዘዙ።
ጀሞ፣ ሙዚቃ ቤት እና ቫርኔሮ እናደርሳለን።
Birthday cake in Lebu, Addis Ababa.
#የልደትኬክ #ለቡ #ጀሞ #addisababa
```

የመጀመሪያው መስመር እናቲቱ የጻፈችውን ሦስት ቃላት በጻፈችው ቅደም ተከተል ይዟል፤ ከሁሉ በፊት የተቀመጠውም ተመልካቹ ጽሑፉን ሳይዘረጋ የሚያየው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው በስልክ ሲጠየቅ የኖረውን ይመልሳል። ሦስተኛው የማድረሻ ሰፈሮችን ምንም ሳያጣብቅባቸው ይጠራል። ሃሽታጎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ አምስት ተፈቅዷል ተብሎ አምስቱን መሙላት ግዴታ አይደለም። #birthdaycake ያልገባው ሆን ተብሎ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በየደቂቃው የሚለጠፍበት ሃሽታግ ስለሆነ የለቡ ኬክ እዚያ ውስጥ ቢገባ የሚያገኘው የለም። #ለቡ በአንጻሩ ጥቂት ቪዲዮ ቢኖረው ሊያስፈራ አይገባም፤ ሃሽታጉን ነክቶ የሚገባው ሰው ጥቂት ቢሆንም የሰፈር ሰው ነው።

ጽሑፉ ብቻውን ግን አይበቃም። ቪዲዮው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ «የልደት ኬክ • ለቡ መብራት ኃይል» የሚል ጽሑፍ ምስሉ ላይ ቢታይ፣ ባለሱቋም በድምፅዋ «ለቡ መብራት ኃይል ነን» ብትል ሁለት ጥቅም አለው። የሰፈር ሰው ጣቱን ከመሳቡ በፊት ሰፈሩን ያያል፤ ሪያድ ያለው ተመልካች ደግሞ ለእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ምስሉ ሲለጠፍ የሚመጣውን የቦታ ማመልከቻም መሙላት ይገባል። የገጹ ስም ላይ ከሱቁ ስም ቀጥሎ «ኬክ ለቡ» የሚሉትን ሁለት ቃላት መጨመር ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ነው፤ ሰው ስሙን ሳያውቅ ሥራውንና ሰፈሩን ጽፎ ሲፈልግ የገጹ ስም ራሱ ይዛመዳል። ቲክቶክ የገጽ ስም በሰባት ቀን አንዴ ብቻ እንዲቀየር ስለሚፈቅድ ፊደሉን አስቀድሞ አጣርቶ መጻፍ ይሻላል። ያው ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ ደግሞ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ርዕሱ ስለሆነ ያንን የመጀመሪያ መስመር ርዕስ ማድረግ ነው።

ከዓመቱ ወቅቶች መካከል ለኬክ ቤት የሚያጠራጥር የሌለበት የመፈለጊያ ቃል «የጾም ኬክ» ነው። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ኬክ በጾም ወቅት ልደት ለደረሰበት ሰው አማራጭ የሌለው ነገር ነው፤ «የጾም ኬክ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በእርግጥ ሊገዛ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይቆያል። ቪዲዮው ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መለጠፍ አለበት፤ ጾሙ ከገባ በኋላ የተለጠፈ ቪዲዮ ተመልካችና ተቀባይነት እስኪያገኝ የወቅቱ ግማሽ ያልቃል። እዚህ ላይ የፊደሉ ጉዳይ በግልጽ ይታያል፤ ምስሉ ላይ «የጾም ኬክ»፣ ሃሽታጉ ላይ #የፆምኬክ፣ በላቲኑ ዓረፍተ ነገር «fasting cake» ቢባል አንዱ አባባል በሦስት በር ይጠበቃል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ደንበኛ ከሞላ ጎደል ዓመቱን ሙሉ ስለሚኖርም ቪዲዮው ጾሙ ሲፈታ መጥፋት የለበትም።

ለውጡ መሥራቱን የሚናገረው የዕይታ ብዛት አይደለም፤ እንዲያውም የዕይታ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ውጭ አገር ያለው ተመልካች ይቀንሳልና። ማየት የሚገባው ቪዲዮው ላይ Analytics ሲከፈት Traffic source ከሚለው ሥር ያለውን ነው። For You ከሚለው ጎን Search የሚለው ድርሻ ከሳምንት ሳምንት እያደገ ከሄደ ቃላቱ እየሠሩ ነው። ሰዎች ቪዲዮውን ያገኙባቸው ቃላት እዚያው ሲታዩ ደግሞ ወደ ደብተሩ መገልበጥ ነው፤ ቀጣዩ ቪዲዮ በእነሱ ይጀመራል። ተመልካቾቹ የት እንዳሉ የሚያሳየው ክፍል ላይ አዲስ አበባ ከፍ ማለቱ ሁለተኛው ምልክት ነው። ሦስተኛው አስተያየቶቹ ውስጥ ይገኛል፦ «የት ነው ቦታችሁ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም የሚደጋገም ከሆነ ሰፈሩ ጽሑፉ ላይ ቢኖርም ምስሉ ላይ አልታየም ማለት ነው።

ከአንድ ቪዲዮ ተነስቶ መፍረድ ግን ያሳስታል። የአንድ ቪዲዮ ዕጣ በኬኩ ውበት፣ በሰዓቱ፣ በድምፁ ይወሰናል። አራት ቪዲዮ በአንድ ዓይነት ቃላት፣ ተከታዮቹን አራት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ፣ ለምሳሌ «ፆም» የነበረውን «ጾም» አድርጎ ወይም #ጀሞን በ#ሙዚቃቤት ተክቶ ማየት ይሻላል። ሃሽታጉን፣ ጽሑፉንና የቪዲዮውን አጀማመር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህ ሁሉ በላይ አስተማማኝ የሆነው መለኪያ ባንኮኒው ላይ ያለው ደብተር ነው፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ «እንዴት አገኙን?» ብሎ መጠየቅና ቲክቶክ ካለ «ምን ብለው ፈልገው?» ብሎ መጨመር። ብዙ ሰው የጻፈውን ቃል በትክክል ያስታውሳል።

አስተያየት ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል «በውስጥ መስመር» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ልማድ ሱቁን ይጎዳል። ጥያቄው የቀረበው በአደባባይ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በፍለጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ መልሱን እዚያው ማግኘት ይገባዋል። ዋጋ የሚቀያየር መሆኑ እውነት ነው፤ በፍለጋ የሚገኝ ቪዲዮ ደግሞ ለወራት ስለሚቆይ ምስሉ ላይ የተጻፈ ዋጋ ያረጃል፤ ደንበኛና ባለሱቅንም ያጣላል። ስለዚህ ዋጋው ምስሉ ላይ ሳይሆን ባለሱቋ ራሷ በምትጽፈውና ከላይ በምትሰካው አስተያየት ላይ፣ ከወሩ ስም ጋር ቢቀመጥ ጥሩ ነው፦ «የጥቅምት ዋጋ፣ 2 ኪሎ ቸኮሌት ቶርታ ይህን ያህል፤ ለቡ መብራት ኃይል፣ ከታክሲ ማቆሚያው ፊት ለፊት»። ዋጋው ሲቀየር አስተያየቱን ሰርዞ አዲስ መሰካት ይቻላል፤ ቪዲዮው ግን የሰበሰበውን ፍለጋ ይዞ ባለበት ይቆያል።

ሪያድና ቤይሩት ያሉት ተመልካቾች ደግሞ ጨርሶ የሚተዉ አይደሉም። ከእነሱ መካከል ለለቡ ኬክ ቤት እውነተኛ ደንበኛ የሚሆን አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ለቡ ወይም ጀሞ ለምትኖር እናቱ ወይም ለልጁ ኬክ ልኮ ማስደሰት የሚፈልግ። ይህ ሰው የሚጽፈው ቃል ግን ሌላ ነው፤ «cake delivery Addis Ababa»፣ «ኬክ ለቤተሰብ አዲስ አበባ» ይላል፤ የሚያሳስበውም ሰፈሩ ሳይሆን ገንዘቡን እንዴት እንደሚልክና ኬኩ መድረሱን በምን እንደሚያውቅ ነው። እሱን ለሰፈሩ ሰው በተሠራው ቪዲዮ ላይ በአንድ ተጨማሪ ሃሽታግ መጥራት ሁለቱንም ያደናግራል። ለእሱ የሚሆነው የራሱ ቪዲዮ ነው፦ ሞተረኛው ኬኩን በር ላይ ሲያስረክብ፣ እናትየው ሳጥኑን ስትከፍትና ልጇ ጋ በስልክ ስትደውል የሚያሳይ፣ እናትየዋ እንድትቀረጽ ከፈቀደች፣ ከሥሩም እሱ የሚጽፋቸው ቃላት የተጻፉበት።